የተደናቀፉበት ቦታና ጥፋቱ ያለበት ቦታ፦ ከልምምድ ቀረጻ በኋላ የትረካ ጽሑፍን ስለማረም

ጥያቄ፦ «ስለ ድሮው የጅቡቲ–አዲስ አበባ ባቡር የአሥራ ሁለት ደቂቃ ትረካ ጽፌ ለልምምድ በስልኬ ቀረጽኩት። ሳዳምጠው ብዙ ቦታ ላይ ምላሴ ይያያዛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል፣ አንዳንዱን ቃል ደግሞ አሳስቼ አነባለሁ። ወረቀቱ ላይ ሳየው ግን ጽሑፉ ምንም አይልም። ደጋግሜ ባነበው ይስተካከላል ወይስ ጽሑፉን ልቀይር? ልቀይር ካልኩስ የቱን እንደምቀይር ከቀረጻው እንዴት ልወቅ? ክፉኛ ያስቸገረኝ ይህ ነው፦ "እ.ኤ.አ. በ1894 ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ መሠረት ኢልግና ፈረንሳዊው ነጋዴ ሊዮን ሼፍኖ ያቋቋሙት ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ የጀመረው፣ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው ነገር ግን ኩባንያው በገንዘብ እጥረት በመክሰሩ ለዓመታት የተቋረጠው የ784 ኪ.ሜ. የባቡር ሐዲድ ዝርጋታ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ላይ ተጠናቀቀ።"»

ምላሽ፦

እርሳስ ከማንሳትዎ በፊት ሁለተኛ ቀረጻ ያስፈልግዎታል። አንድ ቀረጻ ብቻ ይዞ የትኛው መደናቀፍ የአንባቢው፣ የትኛው የጽሑፉ እንደሆነ መለየት አይቻልም። ስለዚህ በማግስቱ፣ በመካከል ምንም ሳይለማመዱ፣ ያንኑ ጽሑፍ እንደገና ይቅረጹ፤ በዚህኛው ግን ከመጀመሪያው ሳይሆን ከእኩሌታው ይጀምሩና እስከ መጨረሻው አንብበው፣ ከዚያ ወደ መጀመሪያው ተመልሰው የቀረውን ይጨርሱ። ሁለቱን ቀረጻዎች ሲያስተያዩ በሁለቱም ያው ቦታ ላይ የተሰናከለው ንባብ ጥፋቱ የጽሑፉ ነው። በመጀመሪያው ቀን ተሰናክሎ በማግስቱ ያለችግር ያለፈው የአንባቢው ነው፤ እሱን አይንኩት። በሁለቱም ቀን መሰናክሉ የበዛው መጨረሻ ላይ በተነበበው ክፍል ከሆነ ደግሞ ድካምና የአፍ መድረቅ ነውና መድኃኒቱ ውኃና ዕረፍት እንጂ እርማት አይደለም። ብዙ ጸሐፊ ይህን ሳይለይ የትረካውን የመጨረሻ ገጾች ያለ ጥፋታቸው ሲቆራርጣቸው አያለሁ።

ደጋግሞ መለማመድ ያስተካክለዋል ወይ ለሚለው ጥያቄዎ፣ ምላስዎን ያስተካክለዋል፤ ጽሑፉን ግን ይደብቀዋል። አንድን አስቸጋሪ ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ያነበበ ሰው መንገዱን ያጠናውና ሳይሰናከል ያልፈዋል። አድማጩ ግን የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ አንባቢው በመጀመሪያ ቀን የጠፋበት ቦታ ላይ እሱም ይጠፋል። ለእርማት የሚጠቅመው እንግዲህ የመጀመሪያው፣ ያልተለማመዱበት ቀረጻ ነው፤ ቢያሳፍርዎትም አያጥፉት።

ሲቀርጹ አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቁ፦ ሲሰናከሉ አይመለሱ፣ አይድገሙ። ተመልሶ ማረም የመጨረሻው ቀረጻ ሥራ ነው፤ በልምምድ ጊዜ የተመለሰ ሰው ከተሰናከለ በኋላ ድምፁ እንዴት እንደቀጠለ የሚያሳየውን ማስረጃ ያጣዋል። ይልቁንም በተሰናከሉበት ቅጽበት አንድ ጊዜ ያጨብጡና ይቀጥሉ። ጭብጨባው በኮምፒውተር ላይ በድምፁ ሥዕል ውስጥ ከፍ ብሎ የሚታይ ሹል ጫፍ ስለሚሠራ በኋላ ፍለጋው ቀላል ነው። ቀረጻውን Audacity በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ላይ ከፍተው እያዳመጡ Ctrl+M ቢጫኑ እዚያው ቦታ ላይ ምልክት ይቀመጥልዎታል። ኮምፒውተር ከሌለ ደግሞ ደቂቃውንና ሰከንዱን በጽሑፉ ኅዳግ ላይ መጻፍ ይበቃል።

ማዳመጡም ሁለት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ጽሑፉን አስቀምጠው ባዶ እጅዎን ያዳምጡ፤ ወረቀቱ ከፊትዎ ካለ ዓይንዎ ለጆሮዎ ስለሚያስተረጉምለት ያልተሰማው ሁሉ የተሰማ ይመስልዎታል። በሁለተኛው ጊዜ ጽሑፉን ይያዙና የተጻፈውን ሳይሆን አፍዎ ያለውን ከመስመሩ በላይ በእርሳስ ይጻፉ። ወረቀቱ «እንዲዘረጋ ተደረገ» ሲል አፍዎ «ተዘረጋ» ካለ፣ ወረቀቱ «ከመሆኑም ባሻገር» ሲል አፍዎ «ደግሞም» ካለ፣ በአብዛኛው ትክክሉ አፍ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት ከሁሉ የሚጠቅመው ነው፤ ጽሑፉ እየተነበበ ሳለ ራሱን አርሟልና። ፍሬ ነገሩ አለመለወጡን ካረጋገጡ በኋላ እንዳለ ይቀበሉት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ድምፁ የተሰናከለበት ቃልና ጥፋቱ ያለበት ቃል ብዙ ጊዜ አንድ አይደሉም። የተሰናከለበትን ቃል ብቻ እየለወጠ የሚያርም ሰው በሦስተኛው ቀረጻ ላይ ያው መሰናክል ከአንድ ቃል በኋላ ወይም በፊት ብቅ ሲልበት ይገረማል። ዓይን ከአንደበት ጥቂት ቃላት ቀድሞ ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ አንባቢው ገና ያልደረሰበትን አስቸጋሪ ቃል ሲያይ አሁን በአፉ ያለውን ቀላል ቃል ያጎትተዋል ወይም ይደግመዋል። በእርስዎ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ፈረንሳዊው ነጋዴ» በሚለው ላይ ድምፅዎ ዘግይቶ ከሆነ «ነጋዴ» ምንም አላደረገም፤ ዓይንዎ ቀድሞ «ሼፍኖ»ን ስላየ ነው። በሌላ ወገን ደግሞ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩ ያለቀ መስሎት ድምፁን ዝቅ ያደርግና ቀጥሎ ሌላ ነገር ሲያገኝ በድንጋጤ መልሶ ያነሳዋል። ይህ ሲሆን ጥፋቱ ከፊት ሳይሆን ከኋላ፣ አንዳንዴም ሁለት መስመር ርቆ ነው ያለው፤ ዓረፍተ ነገሩ አንባቢውን ያሳሳተው እዚያ ነውና። እንግዲህ ድምፁ ዘግይቶ ከሰሙ ወደፊት ይመልከቱ፤ ወድቆ ተመልሶ ሲነሳ ከሰሙ ወደ ኋላ ይመልከቱ።

ይህን ይዘን ዓረፍተ ነገርዎን እንየው። ቀረጻዎን አልሰማሁም፤ ነገር ግን ድምፅዎ «ድሬዳዋ የደረሰው» ላይ እንደወደቀና «ለዓመታት የተቋረጠው» ሲደርሱ ትንፋሽ እንዳለቀብዎት እገምታለሁ። የሁለቱም ምክንያት ከዚያ በፊት ነው። አድማጩ «ኢልግና ሼፍኖ ያቋቋሙት ኩባንያ» የሚለውን ሲሰማ የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት ያገኘ ይመስለዋልና ኩባንያው ምን እንዳደረገ ይጠብቃል። የሚያገኘው ግን «የጀመረው» የሚል፣ ገና ያልተነገረ ሌላ ስምን የሚገልጽ ቃል ነው። ከዚያ «የደረሰው» ይከተላል፣ በመካከል «ኩባንያው በመክሰሩ» የሚል ሌላ ባለቤት ያለው ሐረግ ይገባል፣ «የተቋረጠው» ይጨመራል፤ እውነተኛው ባለቤት፣ ማለትም «ዝርጋታ»፣ የሚመጣው ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ጥቂት ቃላት ሲቀሩት ነው። «በሰጡት»፣ «ያቋቋሙት»፣ «የጀመረው»፣ «የደረሰው»፣ «የተቋረጠው» የሚሉት አምስቱም ግሦች አንዲቱን «ተጠናቀቀ» እየጠበቁ በአየር ላይ ተንጠልጥለዋል። በወረቀት ላይ ዓይን ተመልሶ ስለሚያገናኛቸው ችግሩ አይታይም፤ ጆሮ ግን የሚመለስበት ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ «ረጅም ዓረፍተ ነገር ለንባብ አይሆንም» የሚለውን የተለመደ ምክር እንዳለ እንዳይወስዱት እፈልጋለሁ። አማርኛ ማሰሪያ አንቀጹን መጨረሻ ላይ የሚያስቀምጥ ቋንቋ ቢሆንም ረጅም ንግግርን ያለችግር የሚሸከምበት የራሱ መንገድ አለው፤ እሱም ቦዝ አንቀጽ ነው። «ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ፣ በአይሻ በኩል አልፎ፣ ድሬዳዋ ገብቶ አደረ» ቢሉ ዓረፍተ ነገሩ ከዚህም በላይ ቢረዝም ማንም አይሰናከልበትም። እያንዳንዱ ቦዝ አንቀጽ የራሱን ጉዳይ ዘግቶ ነው የሚያልፈው፤ አንባቢው ከእያንዳንዱ በኋላ መተንፈስ ይችላል፣ አድማጩም በአእምሮው የሚሸከመው ያልተፈታ ነገር የለም። ተረት ነጋሪ ሁሉ በዚህ መንገድ ነው የሚናገረው። ከባዱ እንግዲህ ርዝመቱ ሳይሆን ከስሙ በፊት የተደራረበው «የ» ነው። ቦዝ አንቀጹም ቢሆን ገደብ አለው፦ ባለቤቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ መሆን አለበት። «ኩባንያው ከስሮ፣ ሥራው ቆሞ፣ ሠራተኛው ተበትኖ፣ ድሬዳዋ ግን እያደገች…» እያለ ባለቤት በየሐረጉ ከተለዋወጠ አድማጩ ያው ይጠፋል። ከአራት በላይ ሲደረደርም ዜማው አንድ ዓይነት እየሆነ ያሰለቻል።

በወረቀት ላይ ይህን የምለይበት መንገድ ቀላል ነው። በቀረጻው ላይ ትንፋሽ የሰማሁበትን ቦታ ሁሉ በጽሑፉ ላይ በአግድም ጭረት አመለክታለሁ፤ ትንፋሽ መሳብ ማይክሮፎን ላይ በግልጽ ይሰማል። ከዚያ ማሰሪያ አንቀጹን አሰምርበታለሁ፣ ባለቤቱን አከብበዋለሁ። ጭረቱ በሐረግ መጨረሻ ላይ ከዋለ ደኅና ነው። በገላጩና በተገለጸው ስም መካከል፣ ለምሳሌ «ለዓመታት የተቋረጠው» ካለ በኋላ «የባቡር ሐዲድ» ከማለቱ በፊት ከዋለ፣ ወይም በተሳቢውና በግሡ መካከል ከዋለ፣ ዓረፍተ ነገሩ መፍረስ አለበት። በባለቤቱና በማሰሪያው መካከል ከአንድ ጭረት በላይ ካለም እንዲሁ።

ሲፈርስ ግን በነጥብ እየቆረጡ መጣል ብቻ አይደለም። ነገሩ በሆነበት ቅደም ተከተል ይደርደር፤ እያንዳንዱ ሰው ከመጠቀሱ በፊት ማንነቱ ይነገር። እኔ ብሆን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦

«ነገሩ የተጀመረው በፈቃድ ነው። ዘመኑ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና አራት ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ አልፍሬድ ኢልግ ለሚባል ስዊዘርላንዳዊ መሐንዲስ የባቡር ሐዲድ እንዲያዘረጋ ፈቀዱለት። ኢልግም ሊዮን ሼፍኖ ከሚባል ፈረንሳዊ ነጋዴ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሥራው ከጅቡቲ ተነሣ፤ በረሃውን አቋርጦ፣ በአምስተኛው ዓመት ድሬዳዋ ደረሰ። እዚያ ላይ ገንዘቡ አለቀ። ኩባንያው ከሰረ፤ ሥራውም ቆመ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሰባት ነው። ከጅቡቲ ጀምሮ ያለው መንገድ ሰባት መቶ ሰማንያ አራት ኪሎ ሜትር ሆነ።»

ይህን ከመጀመሪያው ጋር ሲያስተያዩ አንድ ነገር ይጎላል። በ«ሥራውም ቆመ» እና በ«አዲስ አበባ የገባው» መካከል ቀዳዳ አለ፤ የከሰረ ኩባንያ ሥራውን እንዴት ጨረሰ? ዋናው ዓረፍተ ነገርም ይህ ቀዳዳ ነበረበት፤ ነገር ግን «ለዓመታት የተቋረጠው» የሚለው ሐረግ ሸፍኖት ነበር። እውነቱ የመጀመሪያው ኩባንያ ሥራውን አለመጨረሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ የምድር ባቡር ኩባንያ ነው የቀጠለው። ስለዚህ «ሥራውም ቆመ» ካሉ በኋላ «ከዓመታት በኋላ ሌላ ኩባንያ በአዲስ ፈቃድ ሥራውን ተረከበ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይግባ። የረዘመ ዓረፍተ ነገር ሲፈርስ እንዲህ ያለ ያልታሰበ ጉድለት መገለጡ የተለመደ ነው፤ እንዲያውም አንባቢው የተሰናከለበት ምክንያት አንዳንዴ ራሱ ጸሐፊው ነገሩን ያልጨረሰው መሆኑ ነው። ያን ጊዜ ቃላት መለዋወጥ ምንም አይረዳም፤ ወደ ማስረጃዎ መመለስ አለብዎት።

ስለ ዓመታቱና ስለ አኃዙ ጥቂት ልጨምር። በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራት «እ.ኤ.አ.» ነበረ። አንባቢው ይህን ምሕጻረ ቃል ባየ ቁጥር ሆሄያቱን ይቁጠር ወይስ ዘርዝሮ ያንብብ የሚለውን በቅጽበት መወሰን አለበት፤ ትሰናከላለህ ብሎ እንደማዘጋጀት ነው። በትረካው መግቢያ ላይ «በዚህ ታሪክ የምንጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው» ብለው አንድ ጊዜ ይናገሩና ከዚያ በኋላ ይተዉት። ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ልቀይር ካሉ ደግሞ ስምንት እየቀነሱ ብቻ አይሂዱ፤ ከመስከረም ጀምሮ እስከ ፈረንጆች ዓመት ማብቂያ ድረስ ልዩነቱ ሰባት ስለሆነ ወሩን ሳያውቁ ዓመቱን መለወጥ አይቻልም። አኃዙንም እንደሚነበብ አድርገው በፊደል ይጻፉት። «1917» የሚለውን አንዱ «አሥራ ዘጠኝ አሥራ ሰባት»፣ ሌላው «ሺህ ዘጠኝ መቶ አሥራ ሰባት» ይለዋል፤ የመጀመሪያው አጭር ቢመስልም ሁለት «አሥራ» ስለተከታተሉበት ምላስ ያደናግራል። ውሳኔው በጽሑፉ ላይ ይሁን እንጂ በማይክሮፎን ፊት አይሁን።

ምላስ የሚያስረው ሐረግ ከዚህ የተለየ ባሕርይ አለው። በዚያ ቦታ ላይ ድምፁ አይወድቅም፣ ትንፋሽም አያልቅም፤ አንዱ ድምፅ የሌላውን ቦታ ይወስዳል። «ጥ» ሊል የነበረ «ት» ይላል፣ «ጭ» ሊል የነበረ «ጥ» ይላል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በ«ጠ»፣ በ«ጨ»፣ በ«ቀ»ና በ«ጸ» ላይ ያሳብባል። ዳሩ ግን አንዱ ድምፅ ቢደጋገም ምላስ ያው ቦታ ላይ ስለሚቆይ እምብዛም አይቸገርም። የሚያስቸግረው የሚቀራረቡ ድምፆች ሲፈራረቁ ነው፦ «ጠ» ከ«ተ» ጋር፣ «ጨ» ከ«ጠ» ጋር፣ «ቀ» ከ«ከ» ጋር፣ «ጸ» ከ«ሰ» ጋር። በመካከላቸው ሳድስ ሲበዛ ደግሞ ምላስ የሚያርፍበት አናባቢ ያጣል።

ለምሳሌ ስለ ባቡር ጣቢያ የሚጽፍ ሰው «ተሳፋሪዎችንና ጭነቶቻቸውን በጥብቅ ጥንቃቄ የሚጠብቁት የጭነት ጣቢያው ጥበቃ ሠራተኞች» ብሎ ይጽፋል እንበል። በወረቀት ላይ ምንም አይል፤ በትረካ ፍጥነት ግን ከ«በጥብቅ» ጀምሮ እስከ «ጥበቃ» ድረስ «ጥ»፣ «ጭ» እና «ት» ያለ ዕረፍት ይፈራረቃሉ። ፈተናው ይህ ነው፦ ሐረጉን ብቻውን በትረካ ፍጥነት አምስት ጊዜ ያከታትሉት፤ ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ከተበላሸ በቀጥታ ንባብም አንድ ቀን ይበላሻል። ለመድኃኒቱ መጀመሪያ የማየው ከቃላቱ አንዱ ትርፍ መሆኑን ነው። እዚህ «ጥብቅ»፣ «ጥንቃቄ»፣ «የሚጠብቁ» እና «ጥበቃ» አንድን ነገር አራት ጊዜ ይላሉ፤ ምላስ የሚታሰርበት ሐረግ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለ የትርጉም ድግግሞሽ የተደበቀበት ነው። «የተሳፋሪውንና የዕቃውን ደኅንነት የሚከታተሉት የጣቢያው ዘበኞች» ሲባል ሐረጉ አጠረ፣ ምላስም ተፈታ። ትርፍ ቃል ከሌለ ሁለቱን ተቀራራቢ ድምፆች የሚያራርቅ ቀላል ቃል በመካከል ማስገባት ይቻላል፤ ተመሳሳይ ቃል መፈለግ የመጨረሻው አማራጭ ነው። ምላስን ለማሳረፍ ሲባል ሰው የማያውቀውን ቃል ማምጣት ጉዳቱን ከአንባቢው አንስቶ አድማጩ ላይ መጣል ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው የብዙ ቁጥርና የባለቤትነት ቅጥያ መደራረብ ነው። «የተረከቧቸውን ዕቃዎች ለባለንብረቶቻቸው እስኪያስረክቧቸው ድረስ» የሚል ሐረግ ከቢሮ ደብዳቤ የመጣ ነው፤ አፍ አይወደውም። አማርኛ ነገሩ በጥቅሉ ሲነገር ነጠላውን ለብዙው ይጠቀማልና «የተረከቡትን ዕቃ ለባለቤቱ እስኪያስረክቡ ድረስ» ቢባል ምንም አይጎድልም። በእኔ ግምት በጽሑፍ ውስጥ «ዎቻቸው» እና «ቧቸው» የሚሉትን መጨረሻዎች ብቻ ፈልጎ ግማሹን ማቅለል ብዙ መሰናክል ያስወግዳል።

አሳስተው ያነበቧቸው ቃላት ደግሞ ምናልባት ጠብቀውና ላልተው የሚነበቡት ይሆናሉ። ፊደላችን ይህን ስለማያሳይ አንባቢው የሚወስነው ከዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ዘግይቶ ፍንጭ ከሰጠ መሳሳት አይቀርም። «ይነዳ ነበር» የሚለው «ነ» ላልቶ ሲነበብ አንድ ሰው ባቡሩን እንደነዳ፣ ጠብቆ ሲነበብ ባቡሩ ራሱ እንደተነዳ ይናገራል። «በዚያ ዘመን በእንፋሎት ይነዳ ነበር» ተብሎ ከተጻፈ አንባቢው ስለ ሹፌሩ እያወራ ይሁን ስለ ባቡሩ አያውቅም፤ «በዚያ ዘመን ባቡሩ በእንፋሎት ኃይል ይነዳ ነበር» ቢባል ግን ግሡ ላይ ሲደርስ ንባቡ ተወስኗል። «ይሰጣል»፣ «ይሰማል»፣ «ይመታል» የመሳሰሉትም እንደዚሁ ናቸው። በቀረጻው ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት የሚታወቀው አንባቢው ቃሉን በሙሉ ልብ ብሎት ከአንድ ወይም ከሁለት ቃል በኋላ ሲያመነታ ነው። ባለቤቱን ማስቀደም ካልተቻለ በሚጠብቀው ፊደል ላይ በእርሳስ ትንሽ ነጥብ ያድርጉ፤ ለአንባቢው በቂ ነው።

አንዳንዱ መሰናክል ከቋንቋም ከምላስም አይደለም፤ ከገጹ ነው። ስሙ በአንድ መስመር መጨረሻ፣ ግሡ በሚቀጥለው ገጽ ላይ ሲያርፍ ማንም ይሰናከላል። በሁለቱም ቀረጻ ያው ቦታ ላይ ተሰናክለው በጽሑፉ ምንም ካላገኙ ወረቀቱን ይመልከቱ። ፊደሉን ማተለቅ፣ በመስመሮች መካከል ቦታ መተውና ዓረፍተ ነገርን በሁለት ገጽ አለመክፈል ያስተካክለዋል።

እርማቱ ሲያልቅ ሁሉንም እንደገና መቅረጽ አያስፈልግም፤ የታረመውን ክፍል ከበፊቱና ከኋላው ካሉት ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጋር አብረው ያንብቡ። አዲስ መሰናክል የሚፈጠረው በታረመው ውስጥ ሳይሆን ከአሮጌው ጋር በሚጋጠምበት መገናኛ ላይ ነው፤ «እዚያ ላይ» የሚለው ቃል የሚያመለክተው ቦታ ተቆርጦ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ሁለት «ነው» ተከታትለው ሊገኙ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ ጽሑፉን ፈጽሞ አይቶት ለማያውቅ ሰው ሰጥተው ጮክ ብሎ ያንብብልዎ፤ ሳያርሙት፣ ሳይጠቁሙት ይቅረጹት። እሱ የተሰናከለበትና እርስዎ ያልተሰናከሉበት ቦታ ጽሑፉን ስላጠኑት ብቻ ያለፉት ነው፤ በተለይ «ኢልግ»ንና «ሼፍኖ»ን እንዴት እንዳነበባቸው ያዳምጡ።

በትረካዎ ውስጥ የሌላ ሰው ቃል እንዳለ የተጠቀሰበት ቦታ፣ ለምሳሌ ደብዳቤ ወይም የውል አንቀጽ ካለ፣ ምላስ ቢያስርም አይለውጡት። በእሱ ፈንታ ከፊቱ ያለውን የራስዎን ዓረፍተ ነገር ያሳጥሩና በነጥብ ይዝጉት፤ አንባቢው ጥቅሱን በሙሉ ትንፋሽ እንዲጀምር ነው። ጥቅሱ ከሁለት ትንፋሽ በላይ ከሆነ ደግሞ የሚያስፈልግዎትን ክፍል ብቻ ወስደው የቀረውን በራስዎ አነጋገር ይተርኩት።